ለአርባ ኩባንያ የተላከ አንድ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ32 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የተመረቅኩት ከአርባ ምንጭ ነው። ስምንት ዓመት በተቋራጭ ድርጅት ሠርቻለሁ፤ አምስቱን በሳይት ኢንጂነርነት፣ ሦስቱን በኦፊስ ኢንጂነርነት። ሥራዬ በአብዛኛው የከተማ ንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት ነው። እንግሊዝ አገር ሄጄ መሥራት እፈልጋለሁ። በማስታወቂያ የወጣ ቦታ ላይ ሳመለክት ቅጹ ‹እዚህ አገር የመሥራት መብት አለህ?› ብሎ ይጠይቀኛል፤ ‹የለኝም› ስል ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ላላወጡ ኩባንያዎች በቀጥታ መጻፍ ጀመርኩ። ለአርባ ያህል ልኬአለሁ። ደብዳቤዬ እንዲህ ይላል፦ ‹ለተከበረው ድርጅታችሁ። ታታሪና በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ባላችሁ ማንኛውም ክፍት ቦታ ላይ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ስፖንሰር ብትሆኑኝ ውለታችሁን አልረሳም። ሲቪዬንና የትምህርት ማስረጃዬን አያይዣለሁ።› አንድም መልስ አልመጣም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ኤጀንት በዋትስአፕ አግኝቶኝ የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት በ4,000 ፓውንድ እንደሚያወጣልኝ ነገረኝ። ልክፈለው? ወይስ መጻፌን ልቀጥል? ከሐዋሳ።»

ወንድሜ፣ ኤጀንቱን አስቀድመን እናሰናብተው። የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት የሚባለው ቀጣሪው ኩባንያ በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ለአንድ የታወቀ ሰው፣ ለአንድ የታወቀ ሥራ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ኩባንያው የሰርተፍኬቱን ክፍያ ከሠራተኛው እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክለዋል። የሥራ አገናኝ ኤጀንሲም ሥራ ፈልጌልሃለሁ ብሎ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ይህ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚሸጥልህ ወይ የሌለ ቁጥር ነው፣ ወይ የሌለ ሥራ። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ በሌለ ሥራ ቪዛ ጠይቀህ በማታለል ከተያዝክ እስከ አሥር ዓመት ድረስ እንዳትገባ ልትታገድ ትችላለህ። 4,000 ፓውንዱ በኪስህ ይቆይ።

ማስታወቂያ ላላወጣ ኩባንያ መጻፍህ ግን ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የሕግ ለውጥ ነው። ድሮ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከውጭ ሰው ለማምጣት ከፈለገ በመጀመሪያ ቦታውን በአገር ውስጥ ማስታወቅና የሚሆን ሰው እንዳጣ ማሳየት ነበረበት። ይህ ግዴታ በዲሴምበር 2020 ቀረ። ዛሬ ፈቃድ ባለው ቀጣሪ ዘንድ የሚሠራ አንድ የምህንድስና ሥራ አስኪያጅ ኢሜይልህን አንብቦ ከወደደህ፣ ማስታወቂያ ሳያወጣ ሰርተፍኬት ሊጠይቅልህ ይችላል። የሚጠየቀው ቦታው እውነተኛ እንዲሆን፣ ማለትም የሚሠራ ሥራ በእርግጥ እንዲኖር ነው። በቅጹ በኩል የተዘጋብህ በር በዚህ በኩል ክፍት የሚሆነው ለዚህ ነው። ቅጹ ጥያቄውን የሚያነሣው ሰው ከማየቱ በፊት ነው፤ በኢሜይል ግን ሰውየው መጀመሪያ ሥራህን ያያል፣ ስለ ቪዛ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገር ግን ያ ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ አለብህ። አንተን ለማምጣት ኩባንያው ለሰርተፍኬቱ ከ500 ፓውንድ በላይ ይከፍላል። ከዚያ ላይ የስደተኛ ሙያተኛ ቀረጥ የሚባል አለ፤ ከዲሴምበር 2025 ወዲህ መካከለኛና ትልቅ ኩባንያ በዓመት 1,320 ፓውንድ፣ ትንሽ ኩባንያ 480 ፓውንድ ይከፍላል። በሦስት ዓመት ሲሰላ ለመካከለኛው ኩባንያ ቀረጡ ብቻ 3,960 ፓውንድ ይሆናል፤ ይህንንም ወደ አንተ ማዞር አይፈቀድለትም። ደመወዝህም በዓመት ከ41,700 ፓውንድ ወይም ለሙያው ከተቆረጠው ተመን፣ ከሁለቱ ከፍ ከሚለው ማነስ የለበትም። ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሰው የሚያወጣው አንድ የተወሰነ ሥራ እጁ ላይ ስላለና የሚሠራለት ስላጣ ነው። «ማንኛውም ክፍት ቦታ» ያልከው ሐረግ ያበላሸብህ እዚህ ላይ ነው። ማንኛውንም ቦታ የሚፈልግ ሰው በየሠፈሩ አለ፤ ለእሱ ሲባል ማንም ያን ያህል ገንዘብ አያወጣም።

እንግዲህ ጥያቄው በአሁኑ ጊዜ የአንተን ዓይነት ሥራ እጁ ላይ ያለው ማን ነው የሚል ይሆናል። በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነህ፤ ሙያህ ውሃ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የውሃ ኩባንያዎች የግል ናቸው፤ ወጪያቸውን ግን ኦፍዋት የሚባለው ተቆጣጣሪ በየአምስት ዓመቱ ያጸድቃል። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው ዕቅድ ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2030 የሚቆይ ሲሆን መጠኑ 104 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። የሙያው ሰዎች AMP8 ይሉታል፤ ይህን ስም ያዘው፣ በኢሜይልህ ውስጥ ይገባል። ገንዘቡ ለፍሳሽ ማጣሪያ፣ ለማጠራቀሚያ፣ ለአሮጌ መስመር መተካት የሚውል ነው። በእንዲህ ያለ አምስት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ላይ የሚበዛው ንድፍና ፈቃድ ነው፤ አርማታና ቧንቧው የሚበረታው ከዚያ በኋላ ነው። ተቋራጮቹ ሰው የሚያጥራቸውም ያን ጊዜ ነው።

ሥራውን ያሸነፉት እነማን እንደሆኑ መገመት አያስፈልግህም፤ ተጽፎ ተቀምጧል። Find a Tender የሚባል የመንግሥት የጨረታ ድረ ገጽ አለ፤ የውሃ ኩባንያዎችም ጨረታዎቻቸውን የሚያስታውቁት እዚያ ነው። አንተ የምትፈልገው የጨረታ ጥሪውን ሳይሆን የአሸናፊ ማስታወቂያውን ነው። በፍለጋው ሳጥን ውስጥ water reservoir ወይም water mains ብለህ ጽፈህ የማስታወቂያውን ዓይነት ወደ አሸናፊ ማስታወቂያ ስታጠብበው፣ ውሉን ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደወሰደ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ይመጣልሃል። ብዙ ጊዜ የምታገኘው የማዕቀፍ ውል ነው፤ አንድ የውሃ ኩባንያ ጥቂት ተቋራጮችን መርጦ ለዓመታት ሥራ የሚከፋፍልበት። ባለፉት ጥቂት ወራት እንዲህ ያለ ውል የፈረመ መካከለኛ ተቋራጭ ካገኘህ፣ ማስታወቂያ ሊያወጣ ያሰበ ግን ገና ያላወጣ ሰው አገኘህ ማለት ነው።

መካከለኛ ያልኩት በምክንያት ነው። ስማቸው በየሰዉ አፍ ያለ ትልልቅ ተቋራጮች ኢሜይል ሲደርሳቸው «እባክዎ በድረ ገጻችን ያመልክቱ» ብለው ይመልሱሃል፤ ያ ደግሞ ወደተዘጋብህ ቅጽ ይመልስሃል። በጣም ትንሹ ድርጅት ደግሞ ብዙ ጊዜ የስፖንሰርነት ፈቃድ የለውም፤ ለአንድ ሰው ብሎም አያወጣም። የሥራ አስኪያጁ ቃል የሚሰማበትና ፈቃዱም ያለበት ቦታ መሐሉ ላይ ነው። ለአርባ ኩባንያ ከምትልክ፣ ለስድስት ብትልክ ይሻልሃል፤ የምትጽፈው ግን እያንዳንዳቸውን አጥንተህ ነው።

ፈቃዱን ራስህ አጣራ። የእንግሊዝ መንግሥት ስፖንሰር መሆን የሚችሉትን ቀጣሪዎች ሁሉ ስም ዝርዝር በነፃ ያወጣል፤ በ gov.uk ላይ Register of licensed sponsors: workers ብለህ ፈልገው። ፋይሉን አውርደህ በኤክሴል ክፈተውና የተቋራጩን ስም ፈልግ። ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ በመጨረሻው ዓምድ ላይ አንተ የሚያስፈልግህ የቪዛ ዓይነት፣ Skilled Worker የሚል፣ መኖሩን ተመልከት፤ አንዳንዱ ኩባንያ ፈቃድ ያለው ለሌላ ዓይነት ቪዛ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ስሙን ብታጣው አትቸኩል፤ ሰዉ የሚያውቀው ስምና በሕግ የተመዘገበው ስም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የኩባንያዎች መዝገብ የሆነው Companies House በነፃ ይታያል፤ የእናት ድርጅቱን ስም ከዚያ ወስደህ እንደገና ፈልግ። ሆኖም ዝርዝሩ ላይ መገኘት ፈቃደኛ ናቸው ማለት አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰው ብለው አውጥተው የተዉትም አሉበት። ዝርዝሩ ላይ ለሌለ ኩባንያ መጻፍ ግን ጊዜ ማባከን ነው።

የምትጽፈው ለሰው ነው እንጂ info ብሎ ለሚጀምር አድራሻ አይደለም። ኩባንያው ውሉን ሲያሸንፍ በድረ ገጹ ዜና ያወጣል፤ በዜናው ላይ አንድ ኃላፊ ደስታውን ሲገልጽ ታያለህ። ያ ሰው፣ ወይም ከእሱ ሥር ያለው የምህንድስና ሥራ አስኪያጅ፣ አንተ የምትፈልገው ነው። አድራሻውን ካጣኸው ስልክ ደውለህ የእንግዳ መቀበያዋን ጠይቅ፤ «የውሃ ሥራዎችን ለሚመሩት ለአቶ እገሌ መጻፍ ፈልጌ ነበር» ብትላት ብዙ ጊዜ ትነግርሃለች።

አሁን አንተ ወዳልጠረጠርከው ችግር ልምጣ። በደብዳቤህ ላይ ያለው የሥራ ስምህ ራሱ እዚያ አገር ሌላ ትርጉም አለው። እኛ ዘንድ ሳይት ኢንጂነር ማለት ሥራውን የሚያስኬድ ሰው ነው፤ ሠራተኛ ይመድባል፣ አርማታ ያስሞላል፣ ከአማካሪው ጋር ይከራከራል። እንግሊዝ ውስጥ ሳይት ኢንጂነር የሚባለው በመጀመሪያ ደረጃ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ይዞ ልኬት የሚያወርድና የሥራውን ጥራት የሚመዘግብ፣ ብዙ ጊዜ ገና ወጣት መሐንዲስ ነው። ስምንት ዓመት ሠርተህ በዚያ ስም ብትቀርብ፣ ጀማሪ መስለህ ትታያለህ፤ የጀማሪ ደመወዝ ደግሞ ከቪዛው ወለል በታች ሊወድቅ ስለሚችል ነገሩ ከመጀመሩ ያልቃል። ኦፊስ ኢንጂነር የሚለውን ጭራሽ አያውቁትም። አንተ በዚያ ስም ስትሠራ የነበረው፣ ከሥዕል የሥራ መጠን ለክቶ ቴክ ኦፍ ማውጣት፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ማዘጋጀት፣ የለውጥ ሥራ ዋጋ ማቅረብ፣ እዚያ በአብዛኛው የኳንቲቲ ሰርቬየር ሥራ ነው። ያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በቪዛው ሥርዓትም የሥራ መለያ ቁጥሩ ከሲቪል መሐንዲስ የተለየ ነው። የሲቪል መሐንዲስ መለያ 2121 ሲሆን ኩባንያው ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጽፈው መለያ በእርግጥ ከምትሠራው ሥራ ጋር መግጠም አለበት።

ስለዚህ በአንድ ኢሜይል ሁለቱንም አትሁን። እኔ ብሆን የምመርጠው የግንባታውን በኩል ነው፤ ሦስቱን የኦፊስ ዓመታት ውሉን የሚያውቅ መሐንዲስ መሆኔን ለማሳየት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጠቀምባቸዋለሁ። ስሙን ትተህ ሥራውን ጻፍ።

ደብዳቤህን እንደገና ብጽፈው እንዲህ ይሆናል። አንተ በእንግሊዝኛ ታቀርበዋለህ፤ ቁጥሮቹን ደግሞ በራስህ እውነተኛ ቁጥሮች ትተካለህ፤ እኔ ለምሳሌ ያህል ያስገባኋቸው ናቸው። የርእስ መስመሩ፦ «የውሃ ማጠራቀሚያና ማስተላለፊያ መስመር መሐንዲስ፣ 8 ዓመት፤ ስለ AMP8 ማዕቀፍ ውላችሁ።» ከዚያ ቀጥሎ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። በማርች ወር ያሸነፋችሁትን የማጠራቀሚያና የዋና መስመር ማዕቀፍ ውል በአሸናፊዎች ማስታወቂያ ላይ አየሁ። ለዚህ ሥራ የግንባታ መሐንዲሶች የምትጨምሩ ከሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ኢትዮጵያ ውስጥ በተቋራጭ በኩል ለስምንት ዓመት የከተማ ውሃ ሥራ ሠርቻለሁ። በመጨረሻው ፕሮጀክቴ የ18 ኪሎ ሜትር፣ የ400 ሚሊ ሜትር ዳክታይል ብረት መስመር ዝርጋታና የ2,000 ሜትር ኩብ የአርማታ ማጠራቀሚያ ግንባታ እመራ ነበር። ማጠራቀሚያው በ4 ሜትር የውሃ ጥልቀት ውሃ ያፈስ እንደሆነ የሰባት ቀን ፈተና ሲደረግበት የተፈቀደው የውሃ መውረድ 8 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የወረደው 5 ነው። የመስመሩ ቦይ እስከ 3.5 ሜትር የሚጠልቅ ሲሆን ግድግዳው እንዳይናድ የምንደግፍበትን ዘዴ ያዘጋጀሁትና በየቀኑ የተቆጣጠርኩት እኔ ነኝ።

ንድፎቻችን የተሠሩት በዩሮኮድ ላይ በተመሠረተው በኢትዮጵያ ኮድ ነው። ውሉ ፊዲክ ነበር፤ የክፍያና የለውጥ ሥራ ጥያቄዎችን ሦስት ዓመት አዘጋጅቻለሁ።

በእንግሊዝ አገር የመሥራት ፈቃድ የለኝም፤ የስኪልድ ወርከር ስፖንሰርሺፕ ያስፈልገኛል። ድርጅታችሁ ፈቃድ ባላቸው ዝርዝር ላይ አለ። ከውል በኋላ በሦስት ወር ውስጥ መድረስ እችላለሁ።

የአንድ ገጽ የፕሮጀክት መግለጫና ሲቪዬን አያይዣለሁ። ለአሥራ አምስት ደቂቃ በስልክ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

ከዚህ አይረዝም። የመጀመሪያው አንቀጽ ለምን ለእነሱ እንደተጻፈ ይናገራል፤ ለሌላ ኩባንያ ቢላክ ትርጉም የለውም፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። የሁለተኛው አንቀጽ ልብ የማፍሰስ ፈተናው ነው። አንድ የውሃ ሥራ ሰው «ታታሪ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ዓይኑ አይቆምም። የአምስት ሚሊ ሜትሩን ሲያነብ ግን ይቆማል፤ ምክንያቱም በእንግሊዝ ልምድ ለአርማታ ማጠራቀሚያ የሚፈቀደው መውረድ የውሃው ጥልቀት አንድ አምስት መቶኛ መሆኑን፣ 4 ሜትር ለ500 ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር እንደሚመጣ በልቡ ያውቀዋል። ያንን ቁጥር የሚጽፍ ሰው ፈተናው ሲካሄድ እዚያው የነበረ ነው። ቦዩን ያስገባሁትም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ያልተደገፈ ጥልቅ ቦይ ውስጥ ሰው አያስገቡም፤ ከውጭ ለሚመጣ መሐንዲስም መጀመሪያ የሚያድርባቸው ጥርጣሬ ይህ ነው። ሳይጠይቁህ መልሰህላቸዋል። በእርግጥ የመራኸው ሥራ ካልሆነ ግን አትጻፈው፤ ሁለት ጥያቄ ሲጠይቁህ ይታወቃል።

የኮዱ ነገር እኛ ራሳችን የምንረሳው ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ከአውሮፓ የግንባታ ንድፍ ደንብ፣ ከዩሮኮድ፣ የተወሰደ ነው፤ የአርማታው ክፍል ES EN 1992 ተብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው። እንግሊዝም ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ ዩሮኮድን አልተወችም፤ ከራሷ ብሔራዊ አባሪ ጋር ትጠቀምበታለች። የኢትዮጵያ መሐንዲስ ሲቪ ላይ ይህ ተጽፎ አይገኝም፤ አንባቢው ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ኮድ ምንም ስለማያውቅ ሁሉን ከዜሮ የምትማር አድርጎ ያስብሃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያስተካክላል።

የቪዛው ዓረፍተ ነገር የት እንደተቀመጠ ተመልከት። መጀመሪያ ላይ አይደለም፤ ግን አልተደበቀምም። የሚደብቁት ብዙ ናቸው፤ ሦስተኛው ስልክ ላይ ሲወጣ ሰውየው እንደተታለለ ይቆጥረዋል። የሚለምኑትም ብዙ ናቸው፤ «ውለታችሁን አልረሳም» ያልከው ከዚህኛው ወገን ነው፤ ይቅርብህ። ኩባንያ የሚፈርመው ወጪውንና ጥቅሙን አስልቶ ነው። ፈቃዳቸውን እንዳጣራህ መናገርህ ደግሞ የቢሮ ሥራውን የምታውቅ ሰው መሆንህን ያሳያል፤ ሰውየው ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሲሄድ «ፈቃድ አለን ወይ?» ከማለት «ይህን ሰው እንውሰደው ወይ?» ወደሚለው ያልፋል።

ስለ አባሪው ጥቂት ልበል። ዲግሪህን፣ የተማሪ ውጤትህንና የፓስፖርትህን ቅጂ አሁን አትላክ፤ ማንም አልጠየቀህም፣ ስካን የተደረገ ትልቅ ፋይልም ብዙ ጊዜ በኢሜይል ማጣሪያ ይያዛል። ሲቪህ ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ እኛ ዘንድ የተለመዱት ፎቶ፣ የትውልድ ዘመንና የጋብቻ ሁኔታ ይውጡ፤ እዚያ አይፈለጉም። የአንድ ገጽ የፕሮጀክት መግለጫው ግን ከሲቪው ይበልጣል። የማጠራቀሚያው ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ፎርምወርኩና ፌሮው ከአርማታው በፊት ሲታይ፤ ከዚያ መጠኑ፣ ዓመቱ፣ የአንተ ድርሻ፣ የገጠመህ አንድ ችግርና የፈታህበት መንገድ። የአማካሪውን ሥዕል እንዳለ አትለጥፍ፤ የደንበኛ ንብረት ነው። የሌሎችን ሥዕሎች እንዲህ የሚያሰራጭ ሰው የእኛንም ያሰራጫል ብለው ያስባሉ።

መልስ ካልመጣ ከአሥር የሥራ ቀን በኋላ በዚያው ኢሜይል ሥር ሁለት መስመር ጻፍ፤ አዲስ ነገር ካለህ ጨምርበት። ሁለተኛውም ዝም ከተባለ ተወው፤ ውሉ እየገፋ ሲሄድ፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ ያው ሰው ሌላ ችግር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ መመለስ ያስኬዳል። «አሁን አንፈልግም» የሚል መልስ ከመጣ ደስ ይበልህ፤ ሰው አንብቦታል። በንዑስ ተቋራጭነት አብረዋቸው የሚሠሩ፣ መሐንዲስ የሚፈልጉ ድርጅቶችን ያውቁ እንደሆነ በአንድ መስመር ጠይቃቸው። የዋናውን መስመር ቁፋሮና ዝርጋታ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ንዑሳኑ ናቸው።

እስከዚያው ሁለት ነገር አዘጋጅ። የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ለዚህ ቪዛ የሚጠየቀው ደረጃ ከፍ ብሎ B2 ሆኗል። አንተ ዩኒቨርሲቲ የተማርከው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተና ከመቀመጥ ሌላ መንገድ አለህ፤ ኤክቲስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ዲግሪህን ከእነሱ ዲግሪ ጋር አመዛዝኖ በእንግሊዝኛ የተሰጠ መሆኑን ሊያረጋግጥልህ ይችላል። ለዚህ ከዩኒቨርሲቲህ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ሊያስፈልግህ ይችላል። የሬጅስትራርን ሰልፍ ታውቀዋለህ፤ ሥራ ከተሰጠህ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ጀምረው።

ሁለተኛው ውል ነው። እንግሊዝ ውስጥ የውሃ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በፊዲክ ሳይሆን NEC4 በሚባለው ውል ነው፤ በስልኩ ላይም ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። «አላውቀውም» ማለት አያሳፍርም፤ ልዩነቱን ማወቅህን ማሳየት ግን ያስከብራል። በምታውቀው በ1999ኙ ፊዲክ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ ለመጠየቅ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ ካለፈው መብቱ ይቀራል። በNEC4 ደግሞ ለተመሳሳይ ጉዳይ ያለው ጊዜ ስምንት ሳምንት ነው። ዋናው ልዩነት ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ችግር ሊመጣ እንደሚችል ገና ሲታያቸው ሁለቱም ወገኖች ቅድመ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። እኛ ዘንድ ችግሩን ይዞ ቆይቶ በመጨረሻ ወፍራም የካሳ ፋይል ማቅረብ የተለመደ ነው፤ እዚያ ያ ልማድ ገንዘብ ያሳጣል። አንድ ከሥራህ የወጣ አጋጣሚ መርጠህ፣ ለምሳሌ ቦዩ ሲቆፈር በሥዕሉ ላይ የሌለ ዐለት የወጣበትን ቀን፣ በፊዲክ እንዴት እንዳስታወቅክና በNEC ቢሆን ምን ቀድመህ ታደርግ እንደነበር ለመናገር ተዘጋጅ።

ደመወዝ ሲነሣ ደግሞ «መነሻ ደመወዙ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ እንጂ በጠቅላላው አትደሰት። ለቪዛው የሚቆጠረው የተረጋገጠው መነሻ ደመወዝ ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የመኪናና የቤት አበል አይደመርም። 38,000 መነሻ ከ5,000 አበል ጋር ቢሰጡህ ወረቀቱ ላይ 43,000 ይመስላል፤ ለቪዛ ግን አይበቃም። ያን ጊዜ አበሉን ወደ መነሻው እንዲያዞሩት መጠየቅ ትችላለህ። ለእነሱ የሚጨምረው ወጪ ብዙ ስላልሆነ ይህን የሚቀበሉ አሉ፤ ሰርተፍኬቱ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ግን አስቸጋሪ ስለሆነ ከዚያ በፊት ጠይቃቸው።